ግራፉ x = 2 ላይ ሲቆርጥ የ(x − 2) ፓወር 1 ነው ወይስ 3?

ሰላም ወገኖች፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ታናሽ እህቴን ለፈተና ሳስጠና አንድ የፖሊኖሚያል ጥያቄ ላይ ተጣበቅን። ዛሬም ደብተሩን ይዘን ጣና ዳር ተቀምጠናል፣ አልተፈታልንም።

የተሰጠን ግራፍ ነው፣ ዲግሪው 5። x = −1 ላይ አክሲሱን ነክቶ ይመለሳል። x = 2 ላይ ቆርጦ ያልፋል። እኔ (x − 2)(x + 1)⁴ አልኩ። መልሱ ግን (x − 2)³(x + 1)² ይላል።

መንካቱና መቁረጡ ገብቶኛል። (x + 1)² ከ−1 ግራም ቀኝም ፖዘቲቭ ነው፤ ምልክት ስለማያስቀይር ግራፉ ይመለሳል። (x − 2)³ ግን 1.9 ላይ ኔጋቲቭ፣ 2.1 ላይ ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ ያልፋል። ችግሩ የኔም መልስ ይህንኑ ማሟላቱ ነው።

እህቴ ግራፉን ጠጋ ብላ አየችና «2 ላይ እኮ መስመሩ ትንሽ ተኝቶ ነው የሚያልፈው» አለችኝ። እውነቷን ነው። 2.1ን ስተካ የኔ 9.2 ገደማ ሆነ፣ የመልሱ 0.0096 ገደማ።

ግን የኔን በ0.001 ባበዛውስ? እሱም ዝቅ ይላል። ከ2.1 ወደ 2.2 ስሄድ ደግሞ የኔ ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል፣ የመልሱ ከ8 እጥፍ በላይ ያድጋል። ይህ በማብዛት አይቀየርም። መለያው ይሄ ነው? ቁጥር ባልተጻፈበት ግራፍ ላይስ ፓወር 1ን ከፓወር 3 በዓይን እንዴት ትለያላችሁ? እባካችሁ አስረዱን።