ግማሹን ቀብድ ላክ የሚል የቴሌግራም ሻጭ

ጠያቂ፦ ያገለገለ ስልክ በ18,000 ብር ቴሌግራም ላይ አገኘሁ። እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ሻጩ አዲስ አበባ። «9,000 ብር በቴሌብር ላክና ነገ በመኪና እልክልሃለሁ» አለኝ። ቁጥሩን ሳስገባ የመጣው ስም ግን ቻናሉ ላይ ካለው ይለያል። ደረሰኝ እስካለኝ ድረስ ችግር አለው?

የሕግ ተማሪ፦ ብዙም አትፍራ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር እጥፉን ይመልሳል። ላክለት፣ ስክሪንሾቱን አስቀምጥ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ሕጉ ልክ ነህ፣ ግን እጥፉን ማንን ይጠይቃል? ደረሰኙ የሚያሳየው ብሩ ለማን እንደገባ ብቻ ነው። ውሉን የገባው «የቻናሉ ባለቤት» ከሆነና ብሩ የገባው ለሌላ ሰው ከሆነ፣ «እኔ አልተቀበልኩም» ለማለት መንገድ ከፈትክለት። ጠያቂያችን፣ ፒን ሳታስገባ ስሙን ማንበብህ ትልቅ ነገር ነው። ፒኑን አስገብተህ ካለፈ በኋላ ቴሌብር ከሰው ሒሳብ አንስቶ በአንተ ጥያቄ ብቻ አይመልስልህም። እስቲ የነጋዴ ቁጥር እንዳለው ጠይቀው፤ በእሱ ስትከፍል የሱቁ ስም ይመጣል።

እናት ፋሽን፦ እኛ ሻጮችስ? በፎቶሾፕ የተሠራ ስክሪንሾት ልከው ዕቃ የሚወስዱ አሉ! ከ127 የመጣ የሚመስል መልእክትም ከተራ ስልክ ቁጥር ይላካል። የራሴን ቀሪ ሒሳብ ሳላይ ዕቃ አላወጣም። ደግሞ ስም ስለተለየ ብቻ ሌባ አትበሉ፤ እኔ የምቀበለው በባለቤቴ ስም ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ እናት ፋሽን፣ ቀሪ ሒሳብ ማየትሽ ትክክል ነው። የባለቤትሽን ስም ግን ገዢው ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ንገሪው።

ወደ ስልኩ ስንመጣ፣ 9,000 ብር ለማያውቁት ሰው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ካለህ ሄዶ ያብራው፣ *#06# ደውሎ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያመሳክር፣ ሲም አስገብቶ ይደውልበት። ደህና ከሆነ አንተ ከሐዋሳ እዚያው ቆመው ሳሉ ሙሉውን ላክ፤ ሻጩ የራሱ ስልክ ላይ ሲገባለት ዘመድህ ስልኩን ይቀበል። ዘመድ ከሌለህ ቀብዱ ከመላኪያው ዋጋ አይብለጥ፣ 300 ወይም 400 ብር። የምክንያት ቦታ ካለ «ለስልክ ቀብድ፣ ጠቅላላ 18,000» ብለህ ጻፍ። ከ127 የሚመጣውን መልእክት አታጥፋ፤ የግብይት ቁጥሩና የደረሰኙ ሊንክ እዚያ ላይ ናቸው። የቻናሉን ንግግርም ዛሬውኑ ቅዳ፣ ሻጩ ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል።

ጠያቂ፦ የአክስቴ ልጅ ሳሪስ አለ፣ እሱን ልኬ ላሳየው ስለው «ቀብድ ሳይገባ ዕቃ አላሳይም» አለኝ። 400 ልላክለት?

የሕግ ተማሪ፦ ለ400 ብር ብለህ አታጣው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ እኔ አልልክም። የአክስትህን ልጅ በአካል ለማግኘት ካልፈለገ፣ 400ውን ከበላ በኋላም ሌላ ምክንያት ያመጣል።