የ10 ደቂቃ ማብራሪያ ቪዲዮ፦ ተመልካች መሃል ላይ እንዳይሄድብኝ ስክሪፕቱን እንዴት ላዋቅረው?

ሳቢያን ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁም። ባቡሩ ሐረር ሊገባ ታስቦ ለምን ድሬዳዋ ላይ እንደቀረ የሚያብራራ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ለቅቄያለሁ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ መግቢያ አለ፤ እስከ 3ኛው ደቂቃ ተራራው እንዳገደው እናገራለሁ፤ ከ3 እስከ 7 ታሪኩ በየዓመቱ ይሄዳል፤ ቀሪው የዛሬዋ ድሬ ናት። YouTube Studio ላይ የተመልካቹ መስመር ከ3ኛው ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ 6ኛው ላይ የቀረው ጥቂት ነው። ስክሪፕቱን አስተካክዬ እንደገና ልቀርጸው ነው፤ ምን ልለውጥ?

የከዚራው
አቦ ምስሉን ቶሎ ቶሎ ቀያይረው፤ አንድ ፎቶ ከ5 ሰከንድ በላይ አይቁም። ከመጀመሪያውም «እስከ መጨረሻ ጠብቁ፣ የሚገርም ነገር አለ» በላቸው።

ጀጎል
የከዚራው ያለው የሚሠራው መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ሲሰበር ነው። ያኔ እዚያች ሰከንድ ላይ የሰለቸ ምስል ወይም የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ታገኛለህ። ያንተ ግን ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ይህ የአዋቃቀር ችግር ነው። ርዕስህ «ለምን?» ብሎ ሰው ጠራ፣ 3ኛው ደቂቃ ላይ «ተራራው ነው» ብለህ መለስክ። የመጣበትን ያገኘ ሰው ዓመት ሲቆጠር ለመስማት አይቀመጥም። «እስከ መጨረሻ ጠብቁ» ማለቱም ምን እንደሚጠብቅ ስለማይነግረው ወደ መጨረሻው ዘልሎ እንዲያይ ነው የሚገፋፋው።

መፍትሔው ተራራውን ግማሽ መልስ ማድረግ ነው። በ40 ሰከንድ ውስጥ ጥያቄውን አንሣ፤ ሰላምታውን ወዲያ በለው። እስከ 2፡30 ሐረር ለንግዱ ምን ያህል ትልቅ ከተማ እንደነበረች አሳይ፤ ይህ ካልገባው ባቡሩ መቅረቱ አይገርመውም። ከ2፡30 እስከ 4፡30 ተራራውን አምጣ፦ ሐረር ከድሬ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ አሳይና ሐዲድ እዚያ ላይ መዘርጋት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ አስረዳ።

አሁን 4፡30 ላይ ራስህ መልሱን አፍርሰው። ተራራው ሐዲዱ ወደ ሐረር ያልወጣበትን ምክንያት ይነግረናል፤ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው በሌላ አቅጣጫ ነው። ታዲያ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድሬ የደረሰ ባቡር አዲስ አበባ ለመግባት ለምን እስከ 1917 ቆየ? እዚህ ላይ የባቡር ኩባንያው መክሰር ይገባል። ስለዚህ ድሬ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆነች፤ ስለዚህ ዕቃው ሁሉ እዚህ እየወረደ በእንስሳ ይጫን ነበር፤ ስለዚህ መጋዘኑም ነጋዴውም እዚህ ተከማቸ። ከተማዋን የወለደው ይህ መቆም ነው፣ እሱን 8ኛው ደቂቃ አካባቢ ተናገረው።

ከመቅረጽህ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፍና የሁለት ክፍሎችን ቦታ አቀያይር። ምንም ካልተበላሸ ክፍሎቹ አልተያያዙም ማለት ነው። የድሮው ከ3 እስከ 7 ያለው ክፍልህ በዚህ ይወድቃል፤ «ከዚያም፣ ከዚያም» ብቻ ነው ያገናኘው።

መምህር ዘሐረር
እኔ የፊዚክስ ትምህርት ነው የምቀርጸው፤ ስለ ሰበቃ። ታሪክ የለው፣ ምሥጢር የለው። ለኔ የሚሆን አለ?

ጀጎል
አለ መምህር። የተማሪውን የተለመደ ስህተት መሃል ላይ ያስቀምጡት። ሣጥን በ20 ኒውተን ተገፍቶ አልተንቀሳቀሰም፤ በቀመሩ ሲሰላ 30 ይወጣል። አብዛኛው ተማሪ «ሰበቃው 30 ነው» ይላል። እስከ 4ኛው ደቂቃ እንዲያምነው ይተዉትና ከዚያ ይጠይቁት፦ 30 ከሆነ ሣጥኑ ለምን ወደ ገፊው አይመለስም? 30 ሰበቃው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ እንጂ አሁን ያለው እንዳልሆነ (አሁን ያለው 20 ብቻ ነው) የሚያስረዱበት ቀሪው ጊዜ በራሱ ይታያል።

ለገሃሬ
አንድ ነገር ልጨምር። መልሱን እስከ 8ኛው ማዘግየት «አታለለን» የሚል አስተያየት ያመጣል። በተጨማሪም 5ኛው ደቂቃ ላይ እስካሁን የተባለውን አንድ ደቂቃ መከለስ ያስፈልጋል፣ ሰው ይረሳል።

ጀጎል
አንድ ደቂቃ ክለሳ የሚሄደውን ሰው መንገድ ማሳየት ነው፤ ያየውን ደግመህ እየነገርከው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ እሱም ወደ አዲሱ ጥያቄ የሚያሻግር ይሁን። ስለ መታለል ግን እውነት አለህ፤ የሚያድነው እስከ 4፡30 የሚሰጠው ግማሽ መልስ በራሱ እውነተኛ መሆኑ ነው።

ለገሃሬ
እኔ አሁንም ለትልልቅ ሰዎች ክለሳው ይሻላል እላለሁ።

ሳቢያን ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ዓመታቱን አውጥቼ ሳነበው ግን 7 ደቂቃ ብቻ ሆነ። ምን ልሙላበት?

ጀጎል
አትሙላው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ በሰዓት አንብበህ 7 ከሆነ ቪዲዮው 7 ደቂቃ ነው። የግድ 10 ይሁን ካልክ፣ ዕቃው ከባቡር ወርዶ ሐረር እስኪደርስ ያለውን ጉዞ አንድ ጭነት ይዘህ ተከተል፤ ከስድስተኛው ደቂቃ በኋላ ይገባል።