የማመልከቻ ደብዳቤዬ አንድ አንቀጽ ላይ ቆሟል፤ እርዱኝ

ባሕር ዳር የምሠራ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝ። አንድ ባንክ የደህንነት ተንታኝ ይፈልጋል፤ እኔም ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። «ራውተርና ስዊች ገጥሜያለሁ» ማለት ብቻውን ተንታኝ ስለማያሰኝ አንድ ገጠመኝ መረጥኩ።

ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል የእንግዶች ኢንተርኔት ይቆራረጥ ነበር። ችግር የገጠመውን ላፕቶፕ ስመለከት አድራሻው በ192.168 ይጀምራል፤ የእኛ ግን በ10 ነበር የሚጀምረው። ሌላ መሣሪያ አድራሻ እያደለ ነው ማለት ነው። በ`arp -a` የመሣሪያውን ማክ አድራሻ አወጣሁ፤ ስዊቹ ላይ `show mac address-table` ብዬ ስፈልገው 17ኛው መሰኪያ ላይ ተገኘ። ገመዱን ተከትዬ ስሄድ ጠረጴዛ ሥር አንድ ሠራተኛ የሰካው የቤት ራውተር አገኘሁ። ነቀልኩት፤ እንዳይደገምም ስዊቹ ላይ `DHCP snooping` አበራሁ።

የቸገረኝ አገላለጹ ነው። ሠራተኛው ተንኮል ስላላሰበ «ጥቃት አከሸፍኩ» ብዬ መጻፍ አልፈልግም፤ ውሸት ነው። «ኢንተርኔት ጠገንኩ» ካልኩ ደግሞ ዋናው ነገር ይቀራል፤ ያው መሣሪያ በክፉ ሰው እጅ ቢሆን የእንግዶቹን ግንኙነት በራሱ በኩል ማሳለፍ ይችል ነበርና። ለጊዜው እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «ያልተፈቀደ መሣሪያ ከምልክቱ ተነስቼ እስከ መሰኪያው ተከታትዬ አገኘሁ፤ መንገዱንም ዘጋሁ።»

ባንክ ውስጥ በዚህ ሙያ የምትሠሩ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ይበቃል? የሆቴሉን ስም ለምስጢር ብዬ መተዌስ ያስጠረጥረኛል ወይስ ያስመሰግነኛል? ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል።