ከወፍጮው አልወጣ ያለው አራተኛ ቡሎን

ሰላም የሙያው ሰዎች፣ እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። የድሮ እህል ወፍጮ ኩሽኔታ ልቀይር የጎን ክዳኑን እየፈታሁ ነው። ሦስቱ ቡሎኖች ወጡ፤ አራተኛው ግን ዝጎ ተጣብቋል። መፍቻው 19 ቁልፍ ነው።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ደብሊውዲ 40 ረጨሁበትና አሳደርኩት። ጠዋት ራሱን በመዶሻ ቀጥ አድርጌ ቀስ እያልኩ መታሁት፤ ንዝረቱ ዝገቱን ሰንጥቆ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል ብዬ ነው። ከዚያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ መልሼ ወደ መፍቻው ገፋሁት።

አሁን ያስፈራኝ ነገር አለ። ከቡሎኑ ራስ እስከ ክዳኑ በጠመኔ መስመር አስምሬ ነበር። ቁልፉን ስገፋ መስመሩ ይለያያል፤ ስለቀው ግን ተመልሶ ይገጥማል። ይህ ማለት ጥርሱ አልተላቀቀም፣ ግንዱ ብቻ እየተጠመዘዘ ነው። ብቀጥል ስለሚበጠስ አቆምኩ።

የቀረኝ እሳት ነው። ዘይቱ እንዳይቀጣጠል እጠርገዋለሁ፤ ዱቄት ብናኙም አደገኛ ስለሆነ ወፍጮውን ወደ ውጭ አውጥቼዋለሁ። ግን የወፍጮው ቤት ቀልጦ የተፈሰሰ ተሰባሪ ብረት ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ከጋለ ይሰነጠቃል ብዬ ሰግቻለሁ።

በጋዝ ችቦ በዙሪያው ያለውን ብረት ቀስ በቀስ ላሙቀው? ወይስ ብየዳ ቤት ወስጄ ራሱ ላይ ዳዶ ላስበይድና የብየዳው ሙቀት ያላቀው? በተለይ እንዲህ ዓይነት ወፍጮ የፈታችሁ፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚበቃ በምን አወቃችሁ?