የሰመጠው ኬክ ተረት መሃል ላይ ቆሞብኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለሰባት ዓመት ልጆች አጭር ተረት ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ።

አንዲት ልጅ ለወንድሟ የመጀመሪያ ልደት ከእናቷ ጋር ኬክ ትጋግራለች። ኬኩ ጉብ ብሎ ይነሣል፤ ቆይቶ መሃሉ ይሰምጥና ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። (የእኔም እንዲሁ ሆኖብኝ ነው ተረቱ የመጣው።) ልጅቷ እያለቀሰች ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታቸው ዘንድ ትሮጣለች።

«እትዬ፣ ኬካችን ሞተ!»

«ቤኪንግ ፓውደር ስንት አደረጋችሁ?»

«ወረቀቱ እንዳለው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ።»

«ያ ለቆላ አገር ነው፣ የኔ ልጅ። እዚህ አንድ ተኩል ይበቃል። ስኳሩንም ትንሽ ቀንሱ፣ ወተት ጠብ አድርጉበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምድጃውን አትክፈቱ። ከዚያ ስንጥር ሰክታችሁ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።»

የተቸገርኩት ምክንያቱ ላይ ነው። ከተማችን ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ሊጡ ውስጥ ያለው አረፋ ከልክ በላይ ይነፋና ኬኩ ሳይጠነክር ይፈነዳል። «የአየር ግፊት» ብዬ ብጽፍ ልጆቹ ያዛጋሉ። ያሰብኩት ጋጋሪዋ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ የታሸገ የድንች ጥብስ ላስቲክ እንደ ፊኛ ሲነፋ ማየቷን እንድትናገር ነው። ይህ ለሰባት ዓመት ልጅ ይገባዋል? ወይስ ከቤት ውስጥ የተሻለ ምሳሌ አላችሁ?

ደግሞስ የሰመጠውን ኬክ ምን ላድርገው? ጉድጓዱን በሙዝ ሞልተው ቢበሉት ይሻላል ወይስ አዲስ ይጋግሩ?