የኦድ ስሌቴ ከመቶ በላይ ስለሆነብኝ እርዳታ እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ነዋሪ ስሆን፣ ታናሽ ወንድሜ ከውርርድ ቤት ይዞት የመጣውን ትኬት አብሬው ሳሰላ መሃል ላይ ስለቆምኩ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ትኬቱ ላይ ያለው የአንድ ጨዋታ ኦድ፣ ማለትም ለተያዘ አንድ ብር ከነዋናው የሚከፈለው፣ ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.40፣ እንግዳው 3.60 ይላል። የባለሜዳውን ኦድ ሌላ ቦታ 11/10 ተብሎ ስላገኘሁት የማሸነፍ ዕድሉን በመቶኛ ለማወቅ 10ን ለ11 አካፍዬ 91 በመቶ ደረስኩ፤ ከ2.10 ጋር ግን ፈጽሞ አልገጥም አለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ክፍልፋዩ የሚናገረው 10 ብር ላስያዘ ሰው የሚገኘውን የ11 ብር ትርፍ ብቻ ስለሆነ፣ የተያዘው ብር ተደምሮ 10 ለ21 ሲካፈል 47.6 በመቶ ይመጣል፤ 1 ለ2.10 ሲካፈልም ውጤቱ ያው ነው።

የተቸገርኩት ከዚህ በኋላ ነው። አቻው 29.4፣ እንግዳው 27.8 በመቶ ስለሚሆኑ የሦስቱ ድምር 104.8 ይሆናል። ከመቶ ያለፈው 4.8 የአወራራጁ ድርሻ መሆኑ ገብቶኛል፤ እያንዳንዱን ለ1.048 ሳካፍልም ባለሜዳው ወደ 45.4 ይወርዳል። ነገር ግን ይህ አካሄድ ድርሻው በሦስቱም ላይ በእኩል ምጣኔ ተጭኗል ብሎ የሚነሳ ይመስለኛል። ዕድሉ ጠባብ በሆነው ውጤት ላይ የበለጠ ተጭኖ ከሆነ ስሌቱ እንዴት ይስተካከላል? ወንድሜ 47.6ቱን እንደ እውነተኛ ዕድል ስለሚቆጥረው፣ በዚሁ ትኬት ቁጥሮች ብታሳዩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።