ክሬሙ ጠዋት ግራጫ፣ ማታ ቢጫ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነኝ። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች ሳሎን ላስቀባ ነው፤ መስኮቷ ወደ ሰሜን ነው። ከካርድ ላይ የመረጥኩትን ክሬም አንድ ሊትር ገዝቼ፣ በድሮው አረንጓዴ ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ አንዴ ቀባሁ። ጠዋት ግራጫ ይመስላል፣ ማታ ቢጫ። የቱን ልመን?

የሸዋ ሮቢቱ፦ ሰሜን የሚያይ መስኮት መቼም ፀሐይ አያገባም። ጠቆር የማይል፣ ሞቅ ያለ ቀለም ያዢና ተገላገዪ።

ቀለም ቀቢ፦ እህቴ፣ ገና የቱንም አትመኚ። አንድ እጅ ስለሆነ የምታይው ክሬሙን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን አረንጓዴም ነው። የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ፈልጊ፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ ነጭ ቀቢው፤ ከዚያ ክሬሙን ሁለት እጅ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ትተሽ። በእናንተ ብርድ ቶሎ አይደርቅምና በማግስቱ ነው የሚታየው። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ጠቆር ይላል።

ከዚያ ጣውላውን ይዘሽ ዙሪ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ማታ መብራት አብርተሽ። አንዴ ከመስኮቱ ትይዩ፣ አንዴ ከመስኮቱ ጎን አቁሚው። ከጎን ያለው ግድግዳ ሁሌም ይጨልማል፤ ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው።

የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ ያለው ግማሹ እውነት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ክፍሉ የሚያገኘው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ያ ክሬምን ያገረጣል። በሰኔ ግን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ደመናው ከፈቀደ ማለት ነው።

እናት ከአንኮበር፦ ልጄ፣ ግራጫው እርጥበት እንዳይሆን። የእኔ ግድግዳ በየክረምቱ ይላጣል።

ቀለም ቀቢ፦ እማማ፣ እርጥበት ቢሆን ማታም አይጠፋም ነበር። የእርስዎን ግን መቀባት አያድነውም፤ ውኃው የሚገባበትን ያስፈትሹ።

ተከራይ፦ እኔ ሱቅ በር ላይ አይቼ ገዛሁ። አልበቃ ብሎኝ ሌላ ስጨምር ሁለተኛው ቅልቅል ለየት አለ። እስካሁን ግድግዳዬ ላይ መስመሩ ይታያል።

ቀለም ቀቢ፦ ልክ ነው፣ ሲገዛ አንዴ ነው። ለእሷ ክፍል ግድግዳው 2.80 ሜትር ቢሆን፣ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 41 ካሬ ነው። ለስላሳ ግድግዳ ላይ ሊትሩ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ሁለት እጅ ሲሆን ከ8 ሊትር ትንሽ ይበልጣል፤ ስቱኮው ጥሬ ከሆነ ይጨምራል።

ጠያቂዋ፦ ጣውላውን ሞከርኩ። ቀን ላይ እውነተኛ ክሬም ሆኗል። ማታ ቢጫ ያደረገው ቢጫው አምፖል ነበር፤ በነጭ ስቀይረው ቀረ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን በጎን ግድግዳ አሁንም ትንሽ ያገረጣል። ባለቤቴ «ግራጫ ነው» እያለ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ።